ቢጫው ዶላር፦ ማስታወቂያ የተገደበበት ቪዲዮ ምኑ ይስተካከላል?

በዩቲዩብ ገቢ የሚያገኝ ቻናል ባለቤት ስቱዲዮ የሚባለውን መቆጣጠሪያ ሲከፍት ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጎን አንዲት ትንሽ የዶላር ምልክት ያያል። ምልክቷ አረንጓዴ ስትሆን ቪዲዮው ለአብዛኞቹ አስተዋዋቂዎች ክፍት ነው። ቢጫ ስትሆን ደግሞ አጠገቧ Limited or no ads የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ማለት በዚያ ቪዲዮ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ከረጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለቤቱ ድርሻ ስለሆነ፣ ከቪዲዮ ገቢ ለሚተዳደር ሰው የምልክቷ ቀለም የወር ወጪውን እስከ መወሰን ይደርሳል።

ቢጫዋ ምልክት ብዙ ጊዜ ከሌሎች እርምጃዎች ጋር ትምታታለች። አንድ ቪዲዮ የማኅበረሰቡን ደንብ ከጣሰ ይሰረዛል፤ ቻናሉም ማስጠንቀቂያ ወይም ቅጣት ይመዘገብበታል። የሌላ ሰው ሙዚቃ ወይም ፊልም ከተገኘበት ደግሞ ገቢው ለባለመብቱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ቢጫ ምልክት ከእነዚህ ከሁለቱም ይለያል። ቪዲዮው በገጹ ላይ ይቆያል፣ ሰው ያየዋል፣ አስተያየትም ይሰጥበታል፤ በቻናሉ ላይም የሚመዘገብ ቅጣት የለም። ኩባንያው እንደሚለው ለተመልካች ቪዲዮ የሚያቀርበው ሥርዓት የዶላሩን ቀለም አይቶ አይመርጥም። ማስታወቂያ ላለማየት በየወሩ የሚከፍሉ የፕሪሚየም ደንበኞች ሲያዩትም ቪዲዮው ከዚያ ክፍያ ድርሻውን ያገኛል። የተነፈገው ነገር አንድ ነው፦ የአስተዋዋቂው ፈቃድ።

ይህ ፈቃድ እንዲህ የከበደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ፣ የታወቁ ድርጅቶች ማስታወቂያ በአክራሪዎች ቪዲዮ ላይ እየታየ መሆኑን አጋለጠ። በማርች ወር የእንግሊዝ መንግሥት ማስታወቂያውን ከዩቲዩብ አነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ያሉ ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያዎች ተከተሉት። ሳሙናና ስልክ የሚሸጥ ድርጅት ስሙ ከደምና ከስድብ አጠገብ እንዲታይ አይፈልግም፤ ገንዘቡን ይዞ መሄድ እንደሚችልም ያኔ በተግባር አሳየ። ዛሬ አስተዋዋቂዎች ማስታወቂያ ሲገዙ ከሦስት ደረጃ አንዱን ይመርጣሉ፦ ሰፊውን፣ መካከለኛውን ወይም ጠባቡን። ጎግል የሚመክራቸው መካከለኛውን ነው። ቢጫ ምልክት ያለበት ቪዲዮ ከዚህ መካከለኛ ክልል ውጭ ስለሚወድቅ፣ የሚቀሩለት ሰፊውን የመረጡት ብቻ ይሆናሉ።

ደንቡ ረጅም የጉዳዮች ዝርዝር አለው። ጸያፍ ቋንቋ፣ ወሲባዊ ይዘት፣ ጥቃት፣ ዘግናኝ ምስል፣ አደገኛ ድርጊትና ያልተረጋገጠ መረጃ፣ ጥላቻ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ የጦር መሣሪያ፣ አከራካሪ ጉዳዮች፣ እንዲሁም እንደ ጦርነትና የተፈጥሮ አደጋ ያሉ አሳዛኝ ክስተቶች ይገኙበታል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ሞት መናገር ክልክል የሆነ ይመስለዋል። ብዙ ዩቲዩበሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ጉልበት ያስባክናል። በአብዛኞቹ ርዕሶች የሚመዘነው አቀራረቡ ነው። ስለ አንድ ግድያ የሚናገር ዜና፣ አስከሬን ሳያሳይ፣ የሆነውን እያብራራ ቢያልፍ ሙሉ ማስታወቂያ ሊያገኝ ይችላል። የዚያው ግድያ ምስል ያለ አንዳች ማብራሪያ ለብቻው ቢለቀቅ ግን ማስታወቂያ የሚባል ነገር አይቀርበውም። ዜና፣ ትምህርት፣ ጥናታዊ ፊልምና ሥነ ጥበብ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣቸዋል። ይህ ዓላማ ግን ቪዲዮው ውስጥ ሊሰማና ሊታይ ይገባል፤ በባለቤቱ ልብ ውስጥ ብቻ ከቀረ አይቆጠርም።

ደንቡ የሚመለከተው ተንቀሳቃሹን ምስል ብቻ አይደለም። ርዕሱ፣ ተምኔል የሚባለው የሽፋን ምስል፣ ከሥር ያለው መግለጫና ታጎቹ ሁሉ አብረው ይገመገማሉ። የሽፋን ምስሉና ርዕሱ ክብደታቸው የተለየ ነው፤ ቪዲዮውን ሊከፍት ያልፈለገ ሰው፣ ሕፃን ልጅም ጭምር፣ በስልኩ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ሲያልፍ ያያቸዋልና። በጸያፍ ቃል ላይ የተደረጉት ለውጦች ይህን በደንብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ደንቡ ጠብቆ፣ በቪዲዮው መጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥ ጸያፍ ቃል ከተሰማ ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ የሚቀርበት ሁኔታ ተፈጠረ። የይዘት ሠሪዎች ጩኸት በርትቶ በማርች 2023 ላላ ተደረገ። በጁላይ 2025 ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 7 ሰከንዶች ውስጥ ከባድ ጸያፍ ቃል ቢኖርም ሙሉ ማስታወቂያ ማግኘት ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ መካከል ያልላላ ነገር አለ፤ በርዕስ ወይም በሽፋን ምስል ላይ የተጻፈ ጸያፍ ቃል አሁንም ማስታወቂያ ያስገድባል። ስድቡ ከዳር እስከ ዳር የሞላበት ቪዲዮም እንደዚያው ነው።

ውሳኔው መጀመሪያ የሚሰጠው በማሽን ነው። ቪዲዮው ሲጫን ሥርዓቱ ምስሉን፣ ድምፁንና ጽሑፉን ይፈትሻል። ባለቤቱ ራሱም ከመልቀቁ በፊት መጠይቅ ይሞላል፤ ስድብ አለ ወይ፣ ጥቃት ይታያል ወይ፣ አሳዛኝ ክስተት ተነስቷል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በችኮላ «ምንም የለም» የሚለውን ነክቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ግን የሚጎዳው ራስን ነው። መልሱ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ሥርዓቱ በባለቤቱ መልስ እየተማመነ ይሄዳል። ከይዘቱ ጋር እየተጋጨ ሲያስቸግር ግን መልሱ ዋጋ ያጣል፤ ማሽኑም በራሱ ግምት ይወስናል።

አሁን አንድ ምሳሌ ወስዶ ከዳር እስከ ዳር ማየት ይሻላል። አንድ የአማርኛ ቻናል በመሬት መንሸራተት ስለ ተጎዳች መንደር የ24 ደቂቃ ዘገባ ሠራ እንበል። በሽፋኑ ላይ ከጭቃ ውስጥ እየተጎተተ የሚወጣ አስከሬን አለ፤ ግማሽ ፊቱ ይታያል፣ ቀይ ቀስት ተመልክቶበታል። ርዕሱ «ዘግናኝ! የእናትየው አስከሬን ሲወጣ ይመልከቱ» ይላል። ቪዲዮው የሚጀምረው ከ9ኛው ደቂቃ በተቆረጠ የ20 ሰከንድ ምስል ነው፤ ተራኪ የለበትም፣ ለቅሶና አሳዛኝ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። 9ኛው ደቂቃ ላይ ያው ምስል በሙሉ ርዝመቱ ይመጣል፤ ቁስሉ በግልጽ ይታያል። 15ኛው ደቂቃ ላይ ዘመዱን ያጣ ጎረቤት ተናዶ ባለሥልጣናትን ሁለት ጊዜ ይሳደባል። ከ17ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ግን ግሩም ሥራ ነው፤ የአፈር ባለሙያ ተዳፋቱ ለምን እንደ ተናደ ያስረዳል፣ የተረፉት ሰዎችም ያዩትን ይናገራሉ። በመግለጫው ውስጥ «አስከሬን፣ ደም፣ ዘግናኝ ቪዲዮ» የሚሉ ቃላት ለፍለጋ እንዲመቹ ተደርድረዋል። መጠይቁ ላይ «ምንም የለም» ተብሏል። ምልክቷ ቢጫ ወጣች።

ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ስድቡን ነው፤ ሮጦም 15ኛውን ደቂቃ ይቆርጣል። ምልክቷ ግን አትለወጥም። በአንድ ረጅም ዘገባ ውስጥ፣ ሐዘን ላይ ካለ ሰው አፍ የወጣ ሁለት ቃል ዛሬ ባለው ደንብ ለብቻው ቢጫ የሚያስደርግ አይደለም። እንዲያውም ያ ሰው ሲናደድ መታየቱ የዘገባው ሥጋ ነው፤ ያለ ምክንያት መቆረጡ ያሳዝናል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ጉዳዩ ራሱ ነው፤ «ስለ አደጋ መዘገብ ተከለከለ» ይባላል። እሱም አይደለም። ደንቡ አጥብቆ የሚቃወመው ከሰው መከራ ለመጠቀም የተሠራ የሚመስል ይዘትን ነው፤ ይህ ዘገባ ደግሞ ውስጡ መልካም ሆኖ ሳለ ደጃፉ እንደዚያ ተደርጎ ተሠርቷል።

ስለዚህ እርማቱ የሚጀምረው ከደጃፉ ነው። በሽፋኑ ላይ የአስከሬኑ ምስል ወጥቶ የተናደው ኮረብታ፣ ወይም ከርቀት የሚታዩ ቆፋሪዎች ይገባሉ። ፊቱን ብቻ ማደብዘዝ እዚህ ላይ አይበቃም፤ በትንሽ ምስል ላይ የደበዘዘ አስከሬንም አስከሬን መሆኑ ይታወቃል፣ ቀዩ ቀስትም ወደዚያው ይጠቁማል። ርዕሱ «አንዲት መንደር በመሬት መንሸራተት እንዴት ጠፋች?» ወደሚል ይለወጣል። ይህ አባባል የሞተ ሰው አለመኖሩን አያስመስልም፤ ተመልካቹን የሚጠራው ግን የሆነውን እንዲረዳ ነው። ከመግለጫው የተደረደሩት ቃላት ተነስተው አደጋው የትና መቼ እንደ ደረሰ፣ በዘገባው ውስጥ እነማን እንደሚናገሩ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ታጎቹም እንደዚሁ ይጸዳሉ።

ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ናቸው። እነዚህ ያለ ርኅራኄ መቆረጥ አለባቸው። ተራኪ የሌለበት ዘግናኝ ምስል፣ ሰው ገና ምን እንደሚያይ ሳያውቅ ፊቱ ላይ ሲፈስ፣ ምንም ዓይነት ማብራሪያ የለውም። ማብራሪያው 17ኛው ደቂቃ ላይ መኖሩም እዚህ አይረዳም። ከተቆረጠ በኋላ ዘገባው በተራኪው ድምፅ ይጀምራል፤ መንደሪቱ የት እንዳለች፣ ዝናቡ ስንት ቀን እንደ ዘነበ ይናገራል። ያ ብቻውን ቪዲዮውን ዜና ያስመስለዋል፤ ዜናም ነበርና።

9ኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አስከሬኑ የሚታይባቸውን ሰከንዶች መቁረጥ፣ ወይም ተራኪው በላዩ ላይ የሚናገረው ጠቃሚ ከሆነ ምስሉን ብቻ ማደብዘዝ። ሲደበዝዝ ቁስሉና ደሙም ጭምር መሸፈን አለባቸው። ፊት ብቻ ደብዝዞ የተጎዳው አካል በግልጽ ከቀረ፣ የሟቹ ማንነት ተደበቀ እንጂ ዘግናኝነቱ አልቀነሰም። ምስሉ ላይ መቆየትም ራሱ ይመዘናል፤ ሦስት ሰከንድ አሳይቶ ማለፍና ለአንድ ደቂቃ እየተጠጉ ማሳየት እኩል አይታዩም። በመጨረሻ መጠይቁ ይከፈታል፤ አሳዛኝ ክስተት እንዳለ፣ የተደበዘዘ የጉዳት ምስል እንዳለ በእውነት ይሞላል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም። በኮምፒውተር ላይ በሚከፈተው ስቱዲዮ ውስጥ Editor የሚባል ክፍል አለ። በእሱ ከመጀመሪያ፣ ከመጨረሻ ወይም ከመሃል መቁረጥ ይቻላል፤ ፊትን ወይም የተመረጠ ቦታን እየተከተለ የሚያደበዝዝ መሣሪያም አለው። ከተቀመጠ በኋላ የቪዲዮው አድራሻ፣ የታየበት ቁጥርና አስተያየቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ባለቤቱ ቢጸጸት ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለስም ይችላል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ለውጡ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያም ተመልካች የሚያየው የድሮውን ነው። ብዙ ሰው ሳያልቅለት ምልክቷን እያየ «ምንም አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከ6 ሰዓት በላይ የሚረዝም ቪዲዮ፣ ለምሳሌ ረጅም የቀጥታ ሥርጭት፣ በዚህ መሣሪያ አይስተካከልም። በአንድ ቃል ላይ «ጢ» የሚል ድምፅ መጣል የፈለገ ሰውም መሣሪያው ለዚያ አይመቸውም፤ ዓረፍተ ነገሩን መቁረጥ ወይም በራሱ ፕሮግራም አስተካክሎ እንደ አዲስ መጫን ይኖርበታል። አዲስ ሲጫን ግን የታየበት ቁጥርና አስተያየቱ ከዜሮ ይጀምራል።

እርማቱ አልቆ ምልክቷ አሁንም ቢጫ ከሆነች የሚቀረው ሰው እንዲያየው መጠየቅ ነው። በቪዲዮው የገቢ ገጽ ላይ Request review የሚል ቁልፍ ይገኛል። ጥያቄው ለሠለጠነ ገምጋሚ ይሄዳል፤ ገምጋሚው ቪዲዮውን ከርዕሱ፣ ከሽፋኑና ከመግለጫው ጋር አንድ ላይ አይቶ ይወስናል። መልሱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይመጣል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ፤ ለአንድ ቪዲዮ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ቢጫ ባየበት ቅጽበት ተናዶ ቁልፉን የነካ ሰው ገምጋሚውን የሚያሳየው ያንኑ አስከሬን ያለበትን ሽፋን ነው። ገምጋሚው ማሽኑ ትክክል ነበር ብሎ ይመልስለታል፤ ዕድሉም በከንቱ ያልፋል። መጠየቅ ያለበት ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ነው። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ምንም የሌለበት ሆኖ ማሽኑ ተሳስቶ ከሆነ ግን ወዲያው መጠየቅ ይቻላል፤ ለምሳሌ ስለ ሥጋ አቆራረጥ የሚያስተምር የምግብ ዝግጅት ቪዲዮ በደሙ ምክንያት ቢጫ ቢሆን የሚቆረጥ ነገር የለውም።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያድን ልማድ አለ። ቪዲዮውን መጀመሪያ ለማንም በማይታይበት ሁኔታ መጫን፣ መጠይቁን መሙላት፣ ፍተሻው እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ቢጫ ከወጣ እዚያው አስተካክሎ ከዚያ መልቀቅ። የዜና ቪዲዮ አብዛኛው ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ከተለቀቀ በኋላ በሳምንቱ አረንጓዴ የሆነ ቪዲዮ ገበያው ካለፈ በኋላ የተከፈተ ሱቅ ነው። ሰበር ዜና ለመጠበቅ ጊዜ ባይሰጥም፣ ቢያንስ ሽፋንና ርዕስን ከመልቀቅ በፊት በአስተዋዋቂ ዓይን ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

በመቀስ የማይድን ይዘትም አለ። አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት የሚያንቋሽሽ ንግግር ምስሉ ቢደበዝዝም ንግግሩ እዚያው ነው። በአማርኛ የፖለቲካ ውይይት ውስጥ እንግዳው በስሜት የሚወረውረው የጅምላ ስድብ ከተራ ጸያፍ ቃል እጅግ የከፋ መሆኑን ብዙ አቅራቢዎች አያስተውሉም። አቅራቢው ወዲያው ካልተቃወመውና ካላረመው ያ ክፍል በሙሉ መውጣት አለበት። «ይህ ቅጠል ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ መድኃኒታችሁን ጣሉ» የሚል ትምህርትም እንደዚያው ነው፤ ችግሩ ቃሉ ወይም ምስሉ ሳይሆን መልእክቱ ነው። ደንቡ በጃንዋሪ 2026 በአንዳንድ አከራካሪ ጉዳዮች ላይ ላልቷል፤ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት፣ ስለ ራስን ማጥፋትና ስለ ፅንስ ማቋረጥ ዘግናኝ ዝርዝር ሳይኖር በድራማ ወይም በውይይት ማቅረብ ሙሉ ማስታወቂያ እንዲያገኝ ተፈቅዷል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ግን ከዚህ ማላላት ውጭ ተደርጓል። በዚያ ላይ የተሠራ ጥሩ ቃለ ምልልስ በጥንቃቄ ተሠርቶም ቢጫ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለዶላሩ ሲሉ ማቅጠን ተገቢ አይደለም፤ ቢጫ ሆኖ ይቆይ፣ ከፕሪሚየም ተመልካቾችና ሰፊውን ደረጃ ከመረጡት ጥቂት አስተዋዋቂዎች የሚመጣውን ያግኝ፣ ተመልካቹም ሙሉውን ይስማ።

አረንጓዴ የወጣ ቪዲዮም ለዘላለም አረንጓዴ ሆኖ አይቀርም። በተለቀቀ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥርዓቱ እየፈተሸ ስለሚቀጥል ምልክቷ ወዲያና ወዲህ ልትል ትችላለች። ከወራት በኋላ ተመልካች ለመሳብ ሽፋኑን በደማቅና በሚያስደነግጥ ምስል የለወጠ፣ ወይም ርዕሱ ላይ «ዘግናኝ» የሚል ቃል የጨመረ ሰው፣ ቪዲዮው ውስጥ አንድ ሰከንድ ሳይነካ በእጁ ያለውን አረንጓዴ ምልክት ሊያጣ ይችላል።